በስህተት የገባው መቶ አርባ ሁለት ሺህ

ወንድሜ ፀሐዬ መጥፎ ሰው አይደለም። ይህን ከመጀመሪያው የምጽፈው ኋላ ስናደድ እንዳልረሳው ነው። አጠና ተራ ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ወርክሾፕ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት አልጋ፣ ቁም ሣጥንና ሼልፍ ሠርቷል። የማንንም ቀብድ በልቶ አያውቅም። ደንበኛ “ትንሽ ቀንስልኝ” ሲለው እምቢ ማለት አይችልም፤ ቤት ሲገባ ከሚስቱ ከናዝራዊት ጋር ይጣላል። ሰው የነገረውን ቶሎ ያምናል። ልቡ የነገረውን ደግሞ ከዚያ ቶሎ ያምናል። ጥፋቱ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

እኔ ታላቁ ነኝ። እናታችን ስትሞት እሱ ስምንት ዓመቱ፣ እኔ አሥራ አምስት ነበርኩ። አባታችን ያደሳ ከወሊሶ መጥቶ አጠና ተራ ከመኪና ላይ እንጨት የሚያወርድ ሰው ነበር፤ ጠዋት ይወጣል፣ ሲመሽ ይገባል። ልጁን የሚይዝ ሰው ስላልነበረ ከሰባተኛ ክፍል ወጥቼ ወፍጮ ቤት ገባሁ። እስከ ዛሬ እዚያው ነኝ፣ ሚዛኑ ጋ። የሰውን እህል እመዝናለሁ፣ ዱቄቱን እመልሳለሁ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ የማን ጆንያ እንደሆነ ሳልጠይቅ አንድም ጆንያ አላስገባሁም። የወንድሜ ነገር የሚያንገበግበኝ አንዱ በዚህ ነው።

ፀሐዬ ሁልጊዜ የሚመኘው አንድ ነገር ነበር፤ የእንጨት መላጊያ ማሽን። የራሱ ስለሌለው ጣውላውን በጋሪ አስጭኖ ማሽን ወዳላቸው ሰዎች ይወስዳል፣ ይከፍላል፣ ወረፋ ይጠብቃል። መብራት ከጠፋ ተመልሶ ይመጣል። ግማሽ ትርፉ እዚያ ያልቃል። ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ያገለገለ ማሽን በሰባ ስምንት ሺህ ብር እንደሚሸጥ ሰማ። እጁ ላይ አምስት ሺህ አልነበረውም፤ እንዲያውም የወርክሾፑ የሦስት ወር ኪራይ ነበረበት። ከናዝራዊት ጋር ሆነው የሰባት ቀን ጾም ጸሎት ያዙ። በዚህ ማንም አይፈርድባቸውም፤ እኛ ቤት ሰው ሲጨነቅ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

በሰባተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ጾማቸውን ሊፈቱ ሲሉ የፀሐዬ ስልክ ጮኸ። መቶ አርባ ሁለት ሺህ ከስድስት መቶ ብር በሂሳብዎ ገብቷል ይላል መልእክቱ።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ኋላ ነው። ለእኔ ያኔ የነገረኝ ሌላ ነበር። በማግስቱ ወፍጮ ቤት መጣና ዱቄት ባለበት እጄ ላይ አምስት ሺህ ብር አስቀመጠ።

“ምንድን ነው ይሄ?” አልኩት።

“ትልቅ ሥራ አገኘሁ፣ እታለም። ቀብድ ገባልኝ። ጫማ ግዢበት።”

ጫማ አልገዛሁበትም። የቤት ኪራይ ከፈልኩበት። ግን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለሁለት ቀን ሰው ሁሉ “ዛሬ ምን አግኝተሽ ነው?” እስኪለኝ ድረስ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ለምስክርነት ጊዜ ሲሰጥ ወንድሜ ተነሣ። ማይክ ይዞ ስለ ጾሙ ተናገረ፣ ስለ ማሽኑ ተናገረ፤ ከዚያም “ከማላውቀው ሰው፣ ምንም ሳልሠራለት፣ በሂሳቤ ውስጥ መቶ አርባ ሁለት ሺህ ብር ገባ!” አለ። ሕዝቡ እልል አለ። ናዝራዊት አለቀሰች። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት እጄን ይዛ “የእናንተ ቤት ተባረከ” አለችኝ። እኔ ግን እጄን አስለቀቅኩ። ቀብድ ነው ያለኝ እኮ!

ሲያልቅ በር ላይ ጠበቅኩት።

“ና ወዲህ።”

“እታለም፣ ሰማሽ አይደል?”

“ሰማሁ። ውሸትህንም ሰማሁ። ከማን ነው የመጣው?”

“ከእግዚአብሔር ነዋ!”

“የእግዚአብሔር ስም ነው መልእክቱ ላይ የተጻፈው?”

ስልኩን ከኪሱ ነጠቅኩት። ሰባተኛ ክፍል ብቻ ብማርም ማንበብ አያቅተኝም። ላኪው ወልደጊዮርጊስ የሚባል ሰው ነው፤ የአባቱም ስም ተጽፏል። የባንኩ መተግበሪያ ውስጥ ገብቼ ዝርዝሩን ስነካው ደግሞ ምክንያት በሚለው ቦታ “የቆዳ ሂሳብ” የሚል አገኘሁ።

“ቆዳ ሸጠሃል?” አልኩት።

“እኔ?”

“አንተ ነህ ወይስ ጎረቤትህ? ለሰው ቆዳ ሸጠህ ታውቃለህ?”

ናዝራዊት መሐላችን ገባች። “እታለም፣ እባክሽ በረከቱን አታቃልዪው። እግዚአብሔር በሰው እጅ ነው የሚሰጠው።”

“በሰው እጅ ሲሰጥ ሰውየው ያውቃል፣ ናዝሬ። ይህ ሰው አላወቀም። እግዚአብሔር ደግሞ መቶ አርባ ሁለት ሺህ ከስድስት መቶ ብሎ አይልክም። ከስድስት መቶ የሚባል ነገር ያለበት የሰው ሂሳብ ነው፤ ተደምሮ ተቀንሶ የተከፈለ።”

“እና ምን ላድርግ?” አለ ፀሐዬ።

“ነገ ጠዋት ባንክ ሂድ። ይህ ገንዘብ የኔ አይደለም በል። አለቀ።”

“የሰው ቢሆን ኖሮ እስካሁን ይደውል ነበር። ስድስት ቀን ሙሉ ማን ዝም ይላል?”

“እሱ ስላልደወለ ያንተ ሆነ?”

አልሄደም። ሰኞ ማሽኑን ገዛ። የሦስት ወር የወርክሾፕ ኪራይ አሥራ ስምንት ሺህ ከፈለ። አሥራት ብሎ አሥራ አራት ሺህ ሁለት መቶ ስልሳ ብር ለቤተ ክርስቲያን ሰጠ፤ ሳንቲሟ ሳትጎድል አሥር በመቶ። ለናዝራዊት የአራት ሺህ ብር ልብስ ገዛ። የሰው ገንዘብ መሆኑን መጠየቅ ያልቻለ ሰው አሥራቱን ግን በትክክል ማስላት ቻለ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

እኔም አምስት ሺሁን አልመለስኩም። በልቼው ነበር። መናገር መብቴ ነው ብዬ ስጮህ የነበርኩት ከዚያው ገንዘብ የቤት ኪራይ ከፍዬ ነው። ይህንንም ልጻፈው።

ሦስት ሳምንት ሞላ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ወርክሾፑ ውስጥ ተቀምጬ ለወፍጮ ቤቱ የሚሠራልኝን በርጩማ ስጠብቅ የፀሐዬ ስልክ ጮኸ። እጁ ሙጫ ስለነበረበት ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

“ሃሎ፣ ፀሐዬ ነህ? ሼልፍ የሠራህልኝ ልጅ?”

“ነኝ፣ ማን ልበል?”

“ወልዴ ነኛ! ጦር ኃይሎች፣ የጫማ ዕቃ የምሸጠው። ረሳኸኝ እንዴ?”

ፀሐዬ ብሩሹን አስቀመጠ። “ጋሼ ወልዴ? ወልደጊዮርጊስ ማለት... እርስዎ ነዎት?”

“እናቴ ያወጣችልኝ እሱን ነው። ስማ ልጄ፣ ስህተት ሠርቻለሁ። የቆዳ ነጋዴዬም ፀሐዬ ነው የሚባለው። ስልኬ ላይ ያንተም ቁጥር ተቀምጧል፣ የሱም። ያንተን ነክቼ ነው የላክሁት። ሰውየው ለለቅሶ አገር ቤት ሄዶ ሰነበተና ትናንት ሲመለስ ገንዘቤስ አለኝ። ስፈትሽ የገባው አንተ ጋ ነው። መቶ አርባ ሁለት ሺህ ከስድስት መቶ። አይተኸዋል አይደል?”

የማላውቀው ሰው ብሎ የመሰከረለት ሰው የሁለት ዓመት ደንበኛው ነበር። ሱቁ ውስጥ አራት ቀን ቆሞ ሼልፍ ሠርቶለታል፤ ሽማግሌውም ምሳ አብልቶታል፣ የሥራውንም ዋጋ በዚያው ሂሳብ ልኮለታል። ሙሉ ስሙን ግን አያውቀውም፤ ሰው ሁሉ ጋሼ ወልዴ ስለሚለው። አንዴ ቢጠይቅ፣ አንዴ ባንክ ቢሄድ ያው ቀን ይታወቅ ነበር።

ፀሐዬ ሙጫውን ልብሱ ላይ ጠረገ። “አይ... እኔ... ላየው” አለ።

“ምኑን ነው የምታየው? ለኔ መመለሱ ይቅርና ቀጥታ ለነጋዴው ላክለት። ቁጥሩን አሁን እልክልሃለሁ።”

“እደውላለሁ፣ ጋሼ።” ዘጋው።

ተያየን።

“ስንት ቀርቷል?” አልኩት።

“ሃያ ሦስት ሺህ ምናምን።”

“ተነሥ፣ ሂድና ለሽማግሌው እውነቱን ንገረው። ሰኞ ባንክ ትገባላችሁ።”

“ማጭበርበሪያ ቢሆንስ? ለሌላ ሰው ላክ ነው የሚለኝ። ሰው በዚህ ዓይነት ስንት ተበልቷል!”

“ወደ ሌላ ቁጥር አትላክ፣ ልክ ነህ። ባንክ ሂድ ነው ያልኩህ እንጂ ላክ አላልኩህም። ደግሞ ድምፁን አታውቀውም? አሁን እኮ ጋሼ ወልዴ አልከው!”

ሰኞ ከባንኩ ደወሉለት። ምህረት የምትባል ሠራተኛ ናት፤ መታወቂያህን ይዘህ ቅርንጫፍ ና፣ በስልክ ምንም አትንገረን፣ የሚስጥር ቁጥርህንም ለማንም አትስጥ አለችው። እሺ ብሎ ዘጋ። ከዚያ ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ፤ የቀረውን ሃያ ሺህ ብር ወደ ናዝራዊት ሂሳብ አዞረው። ሳያውቅ የሠራውን ሁሉ ይቅር ልለው እችላለሁ። ይህን ግን አውቆ ነው የሠራው። የሰውየውን ድምፅ ከሰማ በኋላ፣ ባንክ ከጠራው በኋላ።

ናዝራዊት ናት የነገረችኝ፣ ፈርታ። እኔም ከወፍጮ ቤት አስፈቅጄ ባንክ ሄድኩ። ምህረት ልጅ እግር ናት፣ ሥርዓት ያላት።

“የሌላ ሰው ሂሳብ ላይ ምንም መናገር አልችልም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ” አለችኝ።

“የወንድሜ ነው። ያሳደግኩት እኔ ነኝ።”

“ቢሆንም አልችልም። በአጠቃላይ ግን ልንገርዎ። አንድ ሰው የማያውቀው ገንዘብ ቢገባለት ሳይነካው ወዲያው መጥቶ ማሳወቅ ነው። የላከው ሰው ተሳስቶ ከሆነ እኛ ያለተቀባዩ ፈቃድ ወይም ያለ ሕጋዊ ትእዛዝ አናነሣም። ባለቤቱ መጥቶ ፈቃዱን ከፈረመ ገንዘቡ ወደመጣበት ሂሳብ ይመለሳል፤ ለሁለቱም ማስረጃ ይሰጣቸዋል። በግሉ ወደ ሌላ ቁጥር ቢልክ ግን ነገ ላኪው አልደረሰኝም ቢለው ሁለት ጊዜ ከፋይ ይሆናል።”

“ከበላውስ?”

ቀና ብላ አየችኝ። “ቢበላውም ዕዳነቱ አይቀርም። ሰውየው ለፖሊስ ካመለከተና የማገጃ ደብዳቤ ከመጣ ሂሳቡ ይታገዳል። ከዚያ በኋላ የራሱም ገንዘብ ቢገባ ማውጣት አይችልም። ቶሎ ይምጣ ይበሉት፣ እህቴ። ዛሬ ቢመጣ ይሻለዋል።”

እየሮጥኩ ወርክሾፑ ሄድኩ። ማሽኑ ይጮሃል። እስኪያጠፋው ቆሜ ጠበቅኩና የሰማሁትን አንድ በአንድ ነገርኩት።

“ምን ይዤ ልሂድ? ሦስት ሺህ ይዤ?” አለኝ።

“ያለህን ይዘህ! ናዝሬ ጋ የደበቅከውን ይዘህ!”

“አልደበቅኩም። አስቀመጥኩ።”

“አባታችን ሰው መኪና ላይ የረሳትን ገመድ እንኳ ለባለቤቷ እስኪመልስ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር። አንተ ከማን ወጣህ?”

“አንቺም እኮ አምስት ሺህ ወስደሻል፣ እታለም።”

በጥፊ ልመታው ነበር። አልመታሁትም፤ እውነት ስለተናገረ።

ጋሼ ወልዴ አሥር ቀን ታገሠ። ሁለት ጊዜ ወርክሾፑ መጣ። መጀመሪያ ቀን በሰላም ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ግን ማሽኑን አይቶ “በኔ ቆዳ ነው ይህን የገዛኸው?” አለ። ፀሐዬ “ጋሼ፣ የጸሎቴ መልስ ነው ብዬ...” ሲል ሽማግሌው ሳቀ። “የኔስ ጸሎት? ነጋዴዬ ዕቃ አልሰጥም ብሎኝ ሱቄ ባዶ ሆኗል። እኔ ለማን ልጸልይ?” አለና ወጣ። በቀጥታ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። እኔ ብሆን በአሥር ደቂቃ እሄድ ነበር።

ሂሳቡ ታገደ። ይህን ያወቅነው ደግሞ በሌላ ሰው መከራ ነው። አስኮ የሚኖር አቶ ጥሩሰው የሚባል ደንበኛ ለልጁ ሰርግ አልጋና ቁም ሣጥን አዝዞ ሃያ አምስት ሺህ ብር ቀብድ ላከ። ገንዘቡ ገባ፤ አልወጣም። ፀሐዬ ጣውላ መግዛት አቃተው። በሳምንቱ ሰውየው መጥቶ የተጀመረ ነገር ሲያጣ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ ጮኸ።

“የት አለ እንጨቱ?”

“ባንክ ያዘብኝ፣ ጋሼ።”

“ባንክ እንጨት ይይዛል? ቀብዴን አምጣ!”

“እሱንም ነው የያዘብኝ።”

“እንግዲያው ሙሽሮቹ ባንክ ይተኛሉ!”

ጎረቤት ያሉት አናጢዎች ሳቁ። ወንድሜ አልሳቀም። እኔም አልሳቅኩም። በአሥራ ሁለት ዓመት ያፈራው ስም በአንድ ቀን ሲወርድ ቆሜ አየሁ።

ከዚያ መጥሪያ መጣ። ጣቢያው አብሬው ሄድኩ፤ ናዝራዊት ማልቀስ ብቻ ስለሆነ የምታውቀው ቤት አስቀረኋት። መርማሪው ደከም ያለ ሰው ነው፣ ዓይኑን እያሻሸ ይጽፋል። ጋሼ ወልዴም ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር።

“ገንዘቡ ሲገባ የራስህ እንዳልሆነ ታውቅ ነበር?” አለው መርማሪው።

ፀሐዬ ደረቱን ነፋ። “እኔ ሌባ አይደለሁም። ብሰርቅ እደብቀው ነበር። እኔ ግን ሁለት መቶ ሰው ፊት ቆሜ፣ ማይክ ይዤ መስክሬያለሁ!”

“ምን ብለህ?”

“ከማላውቀው ሰው፣ ምንም ሳልሠራለት ገባልኝ ብዬ።”

መርማሪው ብዕሩን አነሣ። “ከማላውቀው ሰው። ምንም ሳልሠራለት። ስለዚህ የሰው መሆኑን ታውቅ ነበር ማለት ነው” አለና ጻፈው። “ከተደወለልህ በኋላስ ሃያ ሺህ ብር ለሚስትህ ያዞርከው ለምንድን ነው?”

ያን ሁሉ ሕዝብ እልል ያሰኘው ቃል ከራሱ ከወንድሜ አፍ ወጥቶ ወረቀት ላይ ወረደ።

“ስማ” አለው መርማሪው፣ “በስህተት እጅህ የገባን የሰው ንብረት እያወቅህ የራስህ ማድረግ በወንጀል ያስጠይቃል። በፍትሐ ብሔርም መመለስ አለብህ። ሳትጠየቅ ብታሳውቅ ኖሮ እዚህ አትቀመጥም ነበር። ስሜትህን እረዳለሁ፤ ሕጉ ግን ስሜትህን አይጠይቅም።”

ያን ዕለት አላስወጡትም። ዋስ አምጡ አሉ። ዋስ የምሆነው እኔ ነኝ፣ ሌላ ማን አለው? ወደ ቤት ስመለስ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ አሰብኩት። ለአሥራ አንድ ዓመት ለቤት መግዣ የቆጠብኩት ገንዘብ አለኝ። ከወፍጮ ቤት ደሞዝ እየቀነስኩ፣ ሌላው የለበሰውን ሳልለብስ። ያን ባወጣው በአንድ ቀን ሁሉም ያበቃል። ናዝራዊትም ይህንኑ ነው የጠየቀችኝ፣ በሩን ገና ሳልገባ።

“እታለም፣ አንቺ ጋ አለ እኮ።”

“አለ። አይወጣም።”

“ወንድምሽ እኮ ነው!”

“እናቱም ሆኛለሁ። ትምህርቴን ሰጥቼዋለሁ። ቤቴን አልሰጠውም። ይልቅ ስልክሽን አምጪ፣ ሃያ ሺሁን ነገ ባንክ እንመልሳለን። ማሽኑም ይሸጣል።”

“ማሽኑ? ስንት ቀን የጾምንበት?”

“ሽማግሌው ደግሞ ስንት ዓመት የሠራበት!”

በማግስቱ የቤት ኅብረታችን መሪ ወንድም ኤልያብ መጣ። ጎማ የሚጠግን፣ ቃል የማያበዛ ሰው ነው። ጠርቼው አይደለም፤ ሰምቶ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ተሰብስበው አሥራቱ እንዲመለስ ወስነዋል አለ።

“ለእግዚአብሔር የተሰጠ ይመለሳል እንዴ?” አለች ናዝራዊት።

“የሰጠው ሰው የራሱ ያልሆነውን ነው የሰጠው፣ እህቴ። እኛም ጥፋት አለብን። ማይኩን ስንሰጠው ከየት መጣ ብለን አልጠየቅንም። እልል ማለት ቀለለን።”

ከሁሉም ሰው ያን ጊዜ ያከበርኩት እሱን ብቻ ነው።

እኔ ዋስ ሆኜ ፈረምኩ። ፀሐዬ ወጣ። ከዚያ ኤልያብና አንድ የጋሼ ወልዴ ዘመድ ሽማግሌ ሆነው ጦር ኃይሎች ሱቁ ውስጥ ተቀመጥን፤ ፀሐዬ ራሱ ከሠራቸው ባዶ ሼልፎች ሥር። ሂሳቡ አንድ በአንድ ተነገረ። በሁለቱ ሂሳቦች የተገኘው ሃያ ሦስት ሺህ ሦስት መቶ አርባ ብር ነው። አሥራቱ ተመለሰ። አምስት ሺሁን እኔ ከደሞዜ ተበድሬ አመጣሁ። በሰባ ስምንት ሺህ የተገዛው ማሽን በችኮላ ሲሸጥ ስልሳ አንድ ሺህ አወጣ። ሁሉም ተደምሮ መቶ ሦስት ሺህ ከስድስት መቶ። ሠላሳ ዘጠኝ ሺህ ጎደለ።

“ጋሼ፣ ይማሩኝ” አለ ፀሐዬ። ተነሥቶ እግሩ ላይ ሊወድቅ ሲል ሽማግሌው ያዘው።

“እግሬን ተወው። እግሬ ገንዘብ አይሆንም። በወር ስንት ትከፍላለህ?”

“ሦስት ሺህ።”

“አሥራ ሦስት ወር ነው። የኔ ነጋዴ አሥራ ሦስት ወር ይጠብቀኛል?”

“አልጠብቅም ካሉ” አልኩኝ፣ “መብትዎ ነው። ፍርድ ቤት ይሂዱ። ተጨማሪ ብር ግን የለውም። እኔም አልሰጥም።”

ሽማግሌው አየኝ። “አንቺ ማነሽ?”

“እህቱ ነኝ። ዋሱ።”

“ዋሱ ከሆንሽማ ባይከፍል የምትከፍዪው አንቺ ነሽ።”

“አውቃለሁ።”

ባዶዎቹን ሼልፎች ቀና ብሎ አየ። ኋላ “እኔም አይቼ መላክ ነበረብኝ” አለ ቀስ ብሎ። “ስሙ ሲወጣ የአባቱን ስም ሳላነብ ነው የተጫንኩት። ይሁን። ተፈራረሙ።”

ተፈራረምን። መርማሪው ስምምነቱን ተቀብሎ ለዐቃቤ ሕግ እልከዋለሁ፣ የሚወስነው እሱ ነው አለ። ገንዘቡ የተመለሰው በምህረት መስኮት በኩል ነው፤ ፀሐዬ ፈቃዱን ፈርሞ፣ ወደ መጣበት ሂሳብ፣ ለሁለቱም ደረሰኝ ተሰጥቶ። ምህረት ባትናገረውም በመጀመሪያው ቀን መጥቶ ቢሆን ይህ ሁሉ የሃያ ደቂቃ ሥራ እንደነበር መስኮቱ ጋ ቆሞ ራሱ አየው። እገዳው ከተነሣ በኋላ የአቶ ጥሩሰው ቀብድ ተለቀቀ፤ እሱ ግን አልጋውን ከሌላ አናጢ ገዝቶ ሰርጉ አልፎ ነበር። ቀብዱን ተቀብሎ ሄደ፤ ሦስት ሌሎች ደንበኞችንም ይዞ።

አሁን ዘጠነኛው ወር ነው። ፀሐዬ ጣውላውን እንደ ድሮው በጋሪ አስጭኖ ወደ ሰው ማሽን ይወስዳል፣ ወረፋ ይጠብቃል። በየወሩ መጨረሻ ወርክሾፑ እሄዳለሁ። ሰላም እላለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ አልነሣም። ባለፈው ወር ሁለት ሺህ ብቻ አለኝ አለ።

“አንድ ሺሁስ?”

“ሥራ ቀዝቅዟል፣ እታለም። ጋሼ ወልዴ አንድ ሳምንት አይጎዳውም።”

“እኔን ይጎዳኛል። ፊርማው የኔ ነው።”

“ሁልጊዜ ትቆጪያለሽ።”

“አዎ፣ እቆጣለሁ። በሚቀጥለው ወርም እቆጣለሁ።”

ተነሥቶ ከጎረቤቱ አናጢ አንድ ሺህ ብር ተበደረ። እኔ ፊት ላከ። ደረሰኙን አይቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ ጉልበቴ ያመኝ ነበር፤ ታክሲ አልያዝኩም፣ የታክሲውን ለማትረፍ በእግሬ ወደ ወፍጮ ቤት ተመለስኩ። አራት ወር ይቀረዋል።